በፈረንሳይኛ ከ«ነ… ፓ» ያለፈው አሉታ ምንድን ነው?

ፈረንሳይኛ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው አሉታ «ነ… ፓ» ነው። ግሱን መሃል አስገብቶ በሁለት ቃል ማጠር ነው። «ዠ ፉም» ማለት አጨሳለሁ፤ «ዠ ነ ፉም ፓ» ማለት አላጨስም። (ፈረንሳይኛውን እዚህ የምጽፈው በፊደላችን፣ አፍ ላይ እንደሚሰማው ነው።) ይህ አጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አላጨስም» ስንል ፊት ለፊት «አል» አለ፣ ከኋላ ደግሞ «ም» ይዘጋል።

ችግሩ የሚጀምረው «ፓ» ቦታውን ለሌሎች ሲለቅ ነው። «ዣሜ» ሲመጣ በፍጹም ወይም መቼም ይሆናል። «ሪያን» ምንም፣ «ፔርሶን» ማንም ነው። «ፕሉ» ደግሞ ከዚህ በኋላ አይደለም የሚል ሐሳብ ይዟል። «ነ» ፊት ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከኋላ «ፓ» ይወጣና ከእነዚህ አንዱ ይገባል።

ከሁሉም ልብ የሚፈልገው «ፕሉ» ነው። ሐኪም ታጨሳለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ዠ ነ ፉም ፓ» ብትለው አጫሽ አይደለሁም ማለትህ ነው። «ዠ ነ ፉም ፕሉ» ካልከው ግን አጨስ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ እያልክ ነው። ሐኪሙ ቀጥሎ መቼ እንዳቆምክ ይጠይቅሃል። ዳቦ ቤትም እንዲሁ ነው። «ኢል ኒያ ፓ ደ ፓን» ዳቦ የለም ነው፤ «ኢል ኒያ ፕሉ ደ ፓን» ደግሞ ዳቦ ነበር፣ አልቋል ነው። ነገ በጊዜ መምጣት እንዳለብህ የሚነግርህ ሁለተኛው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው «ሪያን» ላይ ነው። እኛ «ምንም አልበላሁም» ስንል «ምንም» የግሱን አሉታ አያስቀርም፤ «አል…ም» ሙሉውን ይመጣል። ያንን ልማድ ይዞ የሚሄድ ሰው «ዠ ኔ ፓ ሪያን ማንዤ» ይላል። በመደበኛው ፈረንሳይኛ ይህ «ምንም አልበላሁም» አይሆንም፤ እንዲያውም የሆነ ነገርማ ቀምሻለሁ ወደ ማለት ይጠጋል። ትክክለኛው «ዠ ኔ ሪያን ማንዤ» ነው። የ«ፓ»ን ሥራ «ሪያን» ራሱ ይሠራዋል። «ሴ ፓ ሪያን» የሚል አባባልም አለ፤ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዋዛ አይደለም ለማለት ነው። «ፓ» እና «ሪያን» ጎን ለጎን ሲቆሙ እንዲህ ትርጉሙ ይገለበጣል። (በካናዳዋ ኬቤክ ውስጥ በተራ ንግግር «ፓ» ከ«ፔርሶን» ጋር አብሮ ሲባል ትሰማለህ፣ ትርጉሙም አይገለበጥም። ፈተና ላይ ግን አትሞክረው።)

የሚገርመው የተከለከለው «ፓ» ብቻ መሆኑ ነው። ሌሎቹ እርስ በርስ ይስማማሉ። «ዠ ነ ዲ ፕሉ ሪያን» ከእንግዲህ ምንም አልናገርም ነው። «ፕሉ ዣሜ» ዳግመኛ በጭራሽ ነው። ቦታቸው ላይ ያለው ልዩነት አንድ ነው። በኃላፊ ጊዜ «ሪያን»፣ «ዣሜ» እና «ፕሉ» ከረዳት ግሱ ቀጥለው ይገባሉ፤ «ዠ ኔ ሪያን ቩ» ምንም አላየሁም። «ፔርሶን» ግን መጨረሻ ድረስ ይጠብቃል፤ «ዠ ኔ ቩ ፔርሶን» ማንንም አላየሁም።

እነዚህ ቃላት ሲወለዱ አንዳቸውም አሉታ አልነበሩም። «ፓ» እርምጃ ነው፣ ዛሬም እንደ ስም እርምጃ ማለት ነው። «ፔርሶን» ሰው ነው። «ሪያን» ነገር ከሚል የላቲን ቃል መጣ። «ፕሉ» ተጨማሪ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ አሉታውን ብቻውን የሚሸከመው «ነ» ነበር። ሰዎች ነገሩን ለማጠንከር «አንዲት እርምጃ አልሄድም» እንደማለት «ፓ»ን ይጨምሩ ጀመር። እየዋለ እያደረ ማጠንከሪያነቱ ጠፋና ግዴታ ሆነ፤ ከመሄድ ጋር ግንኙነት በሌለው ግስ ላይ ሁሉ ገባ። ያን ጊዜ የአሉታው ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ዞረ። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን ይህን ዑደት በ1917 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው ጥናት ስለገለጸው ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ክብደቱ ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ «ነ» ምን ያደርጋል? ፈረንሳዮች በንግግር ይጥሉታል። «ዠ ነ ሴ ፓ» አላውቅም ነው፤ መንገድ ላይ ግን የምትሰማው «ሼ ፓ» ነው። «ኢል ኒያ ፕሉ ደ ፓን» ወደ «ያ ፕሉ ድ ፓን» ያጥራል። ይህ የሰነፍ ወይም ያልተማረ ሰው አነጋገር አይደለም፤ ፕሮፌሰሩም ቤቱ ሲገባ እንዲሁ ይላል። ዊሊያም አሽቢ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፈረንሳይዋ ቱር ከተማ ሰዎች ሲያወሩ ቀርጾ ነበር። በ1976 ቅጂው «ነ» የተነገረው ከመቶ 37 ያህል ጊዜ ነበር። በ1995 ተመልሶ ሲቀርጽ ወደ 18 ያህል ወርዷል። ሞንትሪያል ላይማ ከ1970ዎቹም ጀምሮ ጨርሶ የማይሰማ ያህል ነው። እንደ «ዠ»፣ «ቱ»፣ «ኢል» ያለ አጭር ተውላጠ ስም ሲቀድም «ነ» በቀላሉ ይወድቃል። ባለቤቱ ሙሉ ስም ሲሆን የመቆየት ዕድሉ ከፍ ይላል።

እኛም ከአጥሩ ግማሹን እንጥላለን፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። «ያላጨሰ»፣ «ካላጨሰ» ስንል «ም» ይቀራል፣ ፊት ያለው «አል» ይቆያል። ፈረንሳዩ ፊቱን ጥሎ ጅራቱን ይይዛል። ስለዚህ ጆሮህን ግሱ ፊት ላይ ከጣልክ አሉታው ያመልጥሃል። ከግሱ በኋላ ያለውን አድምጥ።

«ነ» ሲወድቅ ዋጋ የሚከፍለው እንደገና «ፕሉ» ነው፤ ተጨማሪ የሚለው ትርጉሙ ዛሬም አልሞተም። «ዣን ቨ ፕሉ» ሲባል ከዚህ በላይ አልፈልግም ነው። «ዣን ቨ ፕሉስ» ሲባል ጨምርልኝ ነው። ሁለቱ በጽሑፍ ሲቀመጡ ሆሄያቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ስ» ብቻ ናት። እራት ላይ ሳህንህ እንዲሞላ ወይም እንዲነሳ የምታደርገው እሷ ናት። ቅጽል ከተከተለ ግን እሷም አትረዳም፣ ምክንያቱም እዚያ «ስ» አትነገርም። «ኢ ሌ ፕሉ ማላድ» ቢልህ አንድም ሕመሙ ብሷል፣ አንድም አሁን አልታመመም፣ ድኗል። ከወሬው አውድ ካልገባህ መልሰህ ጠይቅ፤ ፈረንሳዮቹም ይጠይቃሉ።

ስትጽፍ «ነ»ን መልሳት። የሥራ ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ ፈተና ላይ መቅረቷ ስህተት ይባላል፤ ለጓደኛ በስልክ በሚላክ መልእክት ማንም አይከፋም። ጆሮ የማይረዳበት አንድ ቦታ አለ። «ኦን ና ሪያን» ማለት ምንም የለንም ነው። «ነ»ን ብታስገባውም ብትጥለውም ድምፁ ያው ነው፤ «ኦን» በራሱ ከአናባቢ ጋር ሲያያዝ «ን» ይሰማልና። ተወላጆቹም ሳይቀሩ ሲጽፉ ይረሷታል። መፍትሔው «ኦን»ን እኛ በሚለው ሌላ ቃል፣ በ«ኑ» መተካት ነው። «ኑ ናቮን ሪያን» ላይ «ነ» ጎልታ ትሰማለች፤ ስለዚህ «ኦን» ባለበትም ትጻፋለች።