የብራንድ ድምፅ መመሪያ አዘገጃጀት

የብራንድ ድምፅ መመሪያ በአንድ ድርጅት ስም የሚጽፉ የተለያዩ ሰዎች በአክብሮት ደረጃ፣ በቃላት አመራረጥና በዐረፍተ ነገር አሠራር እንዳይራራቁ የሚያግዝ አጭር የሥራ ሰነድ ነው። በሙያው ድምፅና ቃና ተለይተው ይታያሉ። ድምፅ የድርጅቱ ቋሚ ጠባይ ሲሆን፣ ቃና እንደየአጋጣሚው ይለዋወጣል፤ ሰው በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት አነጋገሩን ቢለውጥም ማንነቱ እንደማይለወጥ ሁሉ ማለት ነው።

ብዙ መመሪያዎች ከንቱ የሚቀሩት በቅጽል ስለሚሞሉ ነው። «ወዳጃዊ ነን» የሚለውን መስመር ያነበቡ ሦስት ጸሐፊዎች፣ አንዱ «አንተ» ብሎ መጻፍ፣ ሁለተኛው መቀለድ፣ ሦስተኛው ኢሞጂ መደርደር አድርገው ሊረዱት ይችላሉ፤ ሦስቱም መመሪያውን ጠብቀዋል። ቅጽሉ የሚሠራው ወሰን ሲበጅለት ነው፦ «ወዳጃዊ ነን፤ ነገር ግን ቅሬታ ባቀረበ ሰው ፊት አንቀልድም»። ወሰኑን ለማግኘት የድረ ገጾችን አጠቃቀም የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለ ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው አራት መለኪያዎች ይጠቅማሉ። እነሱም ቀልድ ወይስ ቁም ነገር፣ መደበኛ ወይስ የዘወትር አነጋገር፣ አክብሮት ወይስ ድፍረት፣ የጋለ ስሜት ወይስ ፍሬ ነገሩን ብቻ የሚሉት ናቸው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ቀደም ሲል የወጡ ፖስቶችንና ምላሾችን በመሰብሰብ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ አሥር ያህል ይበቃል። የጸሐፊዎቹ ስም ተሰርዞ ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ልዩነቱ ከሐሳብ ይልቅ በጥቃቅን ነገሮች ላይ ጎልቶ ይታያል።

በአማርኛ ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው አንባቢን የመጥራት ጉዳይ ነው። ተውላጠ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀር ምስጢሩን የሚያወጣው ግሡ ነው፤ «እዘዝ»፣ «እዘዢ»፣ «እዘዙ» እና «ይዘዙ» የሚሉት አራት ቅርጾች አራት የተለያዩ ግንኙነቶችን ያመለክታሉ። ለሕዝብ በሚወጣ ፖስት ላይ «እዘዝ» ማለት ሴቶችን ይተዋል፤ «እዘዙ» ብዙዎችን በአንድነት ይጠራል፤ «ይዘዙ» ደግሞ አንዱን በአክብሮት ያነጋግራል። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ለሁሉም በሚወጣ ጽሑፍ «እናንተ»ን፣ ለአንድ ሰው በሚሰጥ ምላሽ «እርስዎ»ን መያዝ ይመስለኛል፤ የትኛውም ቢመረጥ ግን በጽሑፉ መካከል መለወጥ የለበትም። «ይደውሉልን» ብሎ ጀምሮ «ታገኙናላችሁ» ብሎ የሚጨርስ ፖስት የሁለት ሰው እጅ ያለበት ይመስላል። ድርጅቱ ራሱን «እኛ» ብሎ ወይስ በስሙ እንደሚጠራም አብሮ ይወሰናል።

አንድ የቤት ዕቃ ሻጭ ድርጅት በሦስት ሰዎች ይጽፋል እንበል። ደንበኛው ማክሰኞ ሊደርሰው የነበረ ጠረጴዛ አልመጣም ብሎ ረቡዕ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጸሐፊ «በተፈጠረው መዘግየት ድርጅታችን ይቅርታ ይጠይቃል» ይላል፤ ሁለተኛው «አይዞህ ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ነው!» ይላል፤ ሦስተኛው ስለ መዘግየቱ ምንም ሳይል ስልክ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። መመሪያው «ጥፋታችንን በራሳችን ግሥ እንናገራለን፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ከነጊዜው እንገልጻለን» የሚል ከሆነ፣ አብሮት የሚቀመጠው ምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጠረጴዛው ትናንት መድረስ ነበረበት፤ ዘግይተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ነገ ጠዋት ይደርስዎታል፤ ከመነሣታችን በፊት እንደውልልዎታለን።» «ዘግይተናል» የሚለው ግሥ ባለቤት አለው፤ «የተፈጠረው መዘግየት» ግን ማንም ያላጠፋው ጥፋት ነው። የቀሩት ሦስት ምላሾችም ከነምክንያታቸው «እንዲህ አንልም» በሚለው ረድፍ ይገባሉ፤ አዲስ የሚቀጠር ጸሐፊ ከደንቡ ይልቅ ከዚህ ረድፍ ይማራል።

መመሪያው መሥራቱ የሚታወቀው በፈተና ነው። ሦስቱም ለአንድ ጥያቄ ለየብቻ ምላሽ ይጽፉና፣ ስማቸው ተሰርዞ የሚያውቃቸው ባልደረባ ማን ምን እንደጻፈ ይገምታል። ይህ በተለያዩ ጥያቄዎች ተደጋግሞ ግምቱ ከሦስቱ አንዱን ያህል ብቻ ከተሳካ በዕድል የተገኘ ነው ሊባል ይችላል፤ አብዛኛውን ካወቀ ግን በምን እንዳወቀ ይጠየቃል፤ ያ ምልክት ወደ መመሪያው ይገባል።

በተቃራኒው ያለው አደጋ ምሳሌዎቹ እንዳሉ መገልበጣቸው ነው። ቅሬታ ያቀረቡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ከደረሳቸው ድምፁ ወጥ ቢሆንም የሚሰማው ሰው የለም። ስለዚህ ለቅሬታ ምላሽ የሐሳቡ ቅደም ተከተል ብቻ ይወሰንና ቃላቱ ለጸሐፊው ይተዋሉ። አከራካሪ ሲሆን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ አንድ ሰውም ይሰየማል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብለት ውሳኔውን ከነምሳሌው በሰነዱ ላይ ይጽፈዋል።