የቁርጭምጭሚት ወለምታ፦ ራጅ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ቁርጭምጭሚት ብዙውን ጊዜ ወለም የሚለው ጣቶች ወደ መሬት ተዘርግተው የእግር መዳፍ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ነው። ከዝላይ በኋላ የሌላ ተጫዋች ጫማ ላይ ማረፍ ወይም ደረጃ ስቶ መውረድ የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ታለስ የሚባል አጥንት ከፊቱ ሰፋ፣ ከኋላው ጠበብ ያለ ነው። ጣቶች ሲዘረጉ ጠባቡ ክፍል በቅልጥም አጥንቶች መካከል ስለሚገባ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ጫናውም በውጭ በኩል ባሉት ጅማቶች ላይ ያርፋል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያሉ ሁለት የአጥንት ጉብታዎች አሉ፤ ቀድሞ የሚጎዳው ከውጭው ጉብታ ወደ ፊት፣ ወደ ታለስ የሚሄደው ጅማት ነው። ኃይሉ ከበረታ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ይከተላል።

ጉዳቱ በሦስት ደረጃ ይመደባል። በአንደኛው ጅማቱ ተለጥጦ ጥቃቅን ክሮቹ ብቻ ይጎዳሉ፤ ሰውየው እያመመውም ቢሆን ይራመዳል። በሁለተኛው በከፊል ይበጠሳል፤ እብጠትና መበለዝ ይታያል፣ መርገጥም ያስቸግራል። በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ መገጣጠሚያው ይናጋል። በመጀመሪያው ቀን ግን እብጠትና ሕመም ምርመራውን ስለሚጋርዱ፣ ደረጃውን በትክክል ለመለየት ከ4 እስከ 5 ቀን ቆይቶ እንደገና መመርመር ይሻላል።

ያን ቀን የሚያስቸኩለው ጥያቄ ስብራት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ለዚህ የኦታዋ የቁርጭምጭሚት መመሪያ አለ፤ በ1992 በካናዳ በሐኪም ኢያን ስቲልና ባልደረቦቻቸው የቀረበ ነው። በጉብታዎቹ አካባቢ የሚያመው ሰው ራጅ የሚነሳው ከሁለቱ ጉብታዎች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዙ፣ ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲጫኑት አጥንቱ ላይ ካመመው ነው፤ ወይም ጉዳቱ እንደደረሰበትም ሆነ በምርመራው ሰዓት 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ። እያነከሱ መራመድም እንደ መራመድ ይቆጠራል። የእግሩ መሐል ካመመው ደግሞ ከትንሿ ጣት በስተኋላ የሚወጣው የአጥንት ጉብታ እና በውስጥ በኩል ያለው ናቪኩላር አጥንት ይጫናሉ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት ከጉብታው ፊት ለፊት መጫን ነው። እዚያ ያለው የተጎዳው ጅማት ስለሆነ ወለምታ ያለበት ሁሉ ያመዋል፤ በዚህ የተነሳም ሁሉም ወደ ራጅ ክፍል ይላካል። አንድ የ25 ዓመት ኳስ ተጫዋች የውጭው ጉብታ ፊት አብጦ ቢመጣ፣ የኋላ ጠርዙና ጫፉ ሲጫን ባያመው፣ ሌሎቹም ነጥቦች ደህና ሆነው እያነከሰ 4 እርምጃ ቢራመድ ራጅ አያስፈልገውም።

መመሪያው በትክክል ሲሠራበት ራጁን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚያመልጠው ስብራትም እጅግ ጥቂት ነው። ነጥቡ አመመው ማለት ግን ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ ራጅ ከሚነሱትም አብዛኞቹ ስብራት አይገኝባቸውም። የሰከረ፣ ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት ወይም በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲጫኑት ላያመው ስለሚችል መመሪያው ለእሱ አይታመንም። እግሩ ወደ ውጭ ተጠማዞ ከጉብታዎቹ በላይ የሚያመው ሰውም ቅልጥሙ እስከ ጉልበቱ ሥር ድረስ መዳሰስ አለበት፤ ቀጭኑ አጥንት እዚያ ላይ ተሰብሮ የቁርጭምጭሚቱ ራጅ ላያሳየው ይችላል።