የጎማ ዛፍ ቅጠል ላይ የሚሰፋ ቡናማ ነጥብ፦ በሽታ ነው ወይስ የውኃ ችግር?

በክረምት አራት ኪሎና ካዛንቺስ ባሉ አፓርታማዎች የጎማ ዛፍ ቅጠል ሲጠቁር ብዙ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ አፈሩን ንኩት።

ሐምሌ ላይ ከመስኮት ርቆ የተቀመጠ ተክል እንውሰድ። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጠርዛቸው ጀምሮ ጠቁረው ለስልሰዋል፤ ከማሰሮው ሥር ያለው ሳህን ውኃ አቁሯል፤ አፈሩም ይሸታል። ይህ በሥሩ አየር ማጣት የመጣ ነው፤ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አያድነውም። ሳህኑን ደፍታችሁ፣ የላይኛው 5 ሴንቲሜትር አፈር ሳይደርቅ ውኃ አትጨምሩ። የተጠማ ተክል ግን ጫፉ ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል።

በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዝ አይመርጥም፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ ይበተናል። የባክቴሪያ ነጥብ መጀመሪያ ውኃ የነካው ይመስላል፤ በቅጠሉ ጅማቶች ታጥሮ ማዕዘን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ዙሪያው ቢጫ ነው። የፈንገስ ነጥብ ክብ ወደ መሆን ያደላል፤ አንዳንዴ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይታያሉ። ሁለቱም በውኃ ፍንጣቂ ስለሚዛመቱ ቅጠሉን አታርጥቡ፤ የታመመውን በአልኮል በተወለወለ መቀስ ቁረጡ።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ የነጥቡን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩ። የጠቆረው ተመልሶ አይለመልምም፤ ውኃው ከተስተካከለ በኋላ ነጥቡ መስመሩን እያለፈ ወደ ሌሎች ቅጠሎችም ከተዛመተ ግን በሽታን መጠርጠር ተገቢ ነው።