ሥራው የማን ነው፣ ለመቼ? የሳምንታዊ ስብሰባ የመጨረሻ ደቂቃዎች

ሳምንታዊ የቡድን ስብሰባ አብረው የሚሠሩ ሰዎች በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ተገናኝተው ያለፈውን ሥራ የሚያዩበትና የሚመጣውን የሚከፋፈሉበት አሠራር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሰው ይገኝበታል፤ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ስለ አጀንዳ አዘገጃጀትና ስለ ውይይት አመራር ብዙ ማለት ይቻላል። የስብሰባውን ዋጋ የሚወስነው ግን በአመዛኙ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ነው፤ የተወያዩበት ነገር ወደ ሥራ የሚለወጠው ወይም በአዳራሹ የሚቀረው እዚያ ላይ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ክፍል ላይ ነው።

በአዳራሹ የሚቀር ስብሰባ ከቃለ ጉባኤው ያስታውቃል። «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «የሚመለከተው አካል ክትትል እንዲያደርግ»፣ «በተቻለ ፍጥነት»። እነዚህ አባባሎች ሐሰት አይደሉም፤ ውይይቱም አቅጣጫውም ነበሩ። ችግሩ ከሳምንት በኋላ «ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው መልስ የለውም፣ መላሽም የለውም። ሁሉም ስለተስማማ ማንም አልተገደደም።

አንድ ሥራ፣ አንድ ስም

የመጀመሪያው ደንብ እያንዳንዱ ሥራ የአንድ ሰው ይሁን የሚል ነው። የሁለት ሰው አይሆንም፣ የክፍልም አይሆንም፣ «የሁላችንም» ከሆነማ ጨርሶ የማንም አይደለም። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ጥናት ምክንያቱን ያመላክታል። በየክፍላቸው ለብቻ ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ የሚነጋገሩ ተሳታፊዎች፣ አንዱ ተነጋጋሪ በድንገት ሲታመም ይሰማሉ። ከእኔ ሌላ የሰማ የለም ብለው ካመኑት 85 በመቶዎቹ ድምፁ ሳያባራ እርዳታ ለመጥራት ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቢሮ ሥራ ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ቢሆንም ሌላ ሰው ይይዘዋል ብሎ የማሰብ ዝንባሌው ያው ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚያስደነግጥ ድምፅ እንኳን የለም።

ሁለት ሰው አብሮ ሊሠራ አይችልም ማለት አይደለም። ስሙ የተጻፈው ሰው ሥራውን ሁሉ በገዛ እጁ መሥራት የለበትም፤ መጠናቀቁን የሚያረጋግጠውና ሲጠየቅ የሚመልሰው ግን እሱ ነው። አፕል ኩባንያ ውስጥ ለየሥራው በቀጥታ ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው በስም የሚሰየምበት አሠራር በሰፊው የታወቀውም በዚሁ ሐሳብ ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር፣ በስብሰባው ላይ ላልተገኘ ሰው ሥራ መስጠት ነው። የቀረ ሰው እምቢ ስለማይል ሸክሙ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መመዝገብ ያለበት ሥራ «ለእሷ ነግሬ መቀበሏን እስከ ነገ አሳውቃለሁ» የሚል የሌላ ሰው ሥራ ነው። እሷ እሺ እስክትል ድረስ ዋናው ሥራ ባለቤት የለውም።

ዐረፍተ ነገሩና ቀኑ

ጥሩ የሥራ ምዝገባ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ማን፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚታይና ለመቼ እንደሆነ ይናገራል። ከአራቱ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። «መከታተል»፣ «ማጥናት»፣ «ማየት» የሚሉት ግሦች መጨረሻ የላቸውም፤ የተከታተለም ያልተከታተለም ሰው «እየተከታተልኩ ነው» ሊል ይችላል። «ሦስት አቅራቢዎችን በዋጋና በማስረከቢያ ጊዜ የሚያነጻጽር አንድ ገጽ» ሲባል ግን ገጹ አለ ወይም የለም። ሰብሳቢው «በሚቀጥለው ስብሰባ ዛሬ የሌለ ምን ነገር እናያለን?» ብሎ ቢጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኛል፤ ወይም ሥራው ገና እንዳልተለየ ይረዳል።

ቀኑን መናገር ያለበት የሥራው ባለቤት እንጂ ሰብሳቢው አይደለም፤ ከላይ የተጣለ ቀን የሰብሳቢው ቀን ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሰው ለራሱ ሲገምት ጊዜ ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው የተባለውን ቀን ከመጻፉ በፊት «በዚህ ሳምንት ሌላ ምን በእጅሽ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህቺ ጥያቄ ቀኑን ወደ ኋላ ብትገፋውም የበለጠ እውነተኛ ታደርገዋለች።

ለሁሉም ሥራ «የሚቀጥለው ስብሰባ» የሚል ቀን መስጠትም ጥሩ ልማድ አይደለም። ሁሉም ሰው ሥራውን በዋዜማው ምሽት ይጀምራል፤ ውጤቱንም ማንም ሳያነበው ስብሰባ ይገባል። ከስብሰባው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢቀድም ሰው አንብቦ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ

ሰባት አባላት ያሉት፣ ሰኞ ሰኞ የሚሰበሰብ የደንበኞች አገልግሎት ቡድን እንበል። በሁለት ቀን መመለስ የሚገባቸው የጽሑፍ ቅሬታዎች አምስትና ስድስት ቀን እየቆዩ ነው። አንዱ ሰው አንሶናል ይላል፤ ሌላዋ የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄዎች ፋይናንስ ክፍል ዘንድ እየቆሙ ነው ትላለች፤ ሦስተኛው የተዘጋጁት የመልስ ቅጾች ማርጀታቸውን ያነሳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «እንግዲህ መልስ አሰጣጣችንን እናፋጥን፣ ከፋይናንስም ጋር እንነጋገር» ይባልና ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እንደተለመደው ከሆነ ስብሰባው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ሰብሳቢዋ ግን «በሚቀጥለው ሰኞ ምን እናያለን?» ብላ ትጠይቃለች። ሲታሰብበት፣ ቀኖቹ የት እንደሚባክኑ በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። የመጀመሪያው ሥራ ማፋጠን ሳይሆን ማወቅ ነው ማለት ነው። ሜሮን ትወስደዋለች፦ ባለፈው ወር ከዘገዩት ቅሬታዎች 30ውን አይታ እያንዳንዱ ማን ዘንድ ስንት ቀን እንደቆየ በሠንጠረዥ ለቡድኑ ትልካለች። መቼ? «ረቡዕ» ትላለች። ሌላ ምን አለሽ ስትባል ወርኃዊ ሪፖርት ረቡዕ እንደሚጠበቅባት ታስታውሳለች። ቀኑ ዓርብ ከምሳ በፊት ይሆናል።

«ከፋይናንስ ጋር መነጋገር» የሚለው ደግሞ ለዳዊት ይደርሳል። መነጋገር ግን ውጤት አይደለም። የሚፈለገው ፋይናንስ የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄን በስንት ቀን እንደሚያጣራ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ነው፤ ይህንን ደግሞ ዳዊት ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ የሚመዘገበው በእጁ ያለው ብቻ ነው፦ ጥያቄውን እስከ ማክሰኞ ማታ ይልካል፤ እስከ ሐሙስ መልስ ካልመጣ ለሰብሳቢዋ ይነግራል፤ ወደ ፋይናንስ ኃላፊው የምትሄደው እሷ ናት። ይህ ጥንቃቄ ካልተደረገ ዳዊት በሌላ ሰው ዝምታ ተጠያቂ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ ሲከፋፈል አንገቱን ይደፋል።

የመልስ ቅጾቹን ማደስ ሲነሳ ዝምታ ይሆናል። ዝምታው ሲከብዳቸው ብዙ ሰብሳቢዎች «በቃ እኔ እይዘዋለሁ» ይላሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከዝርዝሩ ግማሹ በስማቸው ይሆናል። የኛዋ ሰብሳቢ «እንተወው?» ብላ ትጠይቃለች። ቡድኑ ሠንጠረዡ እስኪመጣ ይቆይ ይላል፤ «ለአሁኑ ተትቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ባለቤት ያላገኘን ሥራ በግልጽ መተው ራሱ ውሳኔ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከደንቦቹ ሁሉ በተግባር ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

ከመነሳታቸው በፊት ሜሮንና ዳዊት የየራሳቸውን ሥራ በቃላቸው ይናገራሉ። ጸሐፊው ቢያነበው ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን በሰሚውና በጸሐፊው መካከል ያለው ልዩነት የሚወጣው ባለቤቱ ራሱ ሲናገር ነው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በዚያው ቀን ለሁሉም ይላካሉ፤ ሙሉው ቃለ ጉባኤ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የሚቀጥለው ሰኞ

ስብሰባው የሚጀምረው ካለፈው ዝርዝር ነው። ለየሥራው የሚሰጠው መልስ «አልቋል» ወይም «አላለቀም» ነው፤ «ሰማንያ በመቶ ደርሷል» የሚል መልስ አላለቀም ተብሎ ይያዛል። ምክንያት በዚህ ሰዓት አይተነተንም፤ መነጋገር ካስፈለገ ወደ አጀንዳው ይገባል። እንዲህ ከሆነ አሥር ሥራ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

በምሳሌያችን ሜሮን ጨርሳለች፦ ከ30ው ቅሬታዎች 19ኙ ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት ፋይናንስ ዘንድ ነው፤ በሰው እጥረት የቆዩት አራት ብቻ ናቸው። ዳዊት ጥያቄውን ማክሰኞ ልኳል፣ መልስ ሲያጣ ሐሙስ ለሰብሳቢዋ ነግሯል፤ ፋይናንስ ምንም ባይመልስም የእሱ ሥራ አልቋል። አሁን የጉዳዩ ባለቤት ሰብሳቢዋ ናት፤ ሠንጠረዡንም ይዛ ትሄዳለች። ያለ ሠንጠረዡ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ተጨማሪ ሰው ለመጠየቅ ደብዳቤ እያረቀቀ ሳምንቱን ሊያሳልፍ ይችል ነበር።

ያላለቀ ሥራ አንድ ጊዜ ቀኑ ሊገፋ ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲገፋ ግን አዲስ ቀን ብቻ መጻፍ ስህተት ነው፤ ሥራው ወይ ትልቅ ስለሆነ ይቆረጣል፣ ወይ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይ ይሰረዛል። ሦስትና አራት ሳምንት በዝርዝሩ ላይ የቆየ ሥራ ለቀሩት ሥራዎች ሁሉ ቀን ማለት ቀልድ እንደሆነ ያስተምራል።

አሠራሩ መበላሸት ሲጀምር ከሥራዎቹ መጠንም ይታወቃል። ሁሉም ነገር በየሳምንቱ «አልቋል» ከሆነና ሥራዎቹ «ኢሜይል መላክ»፣ «ስልክ መደወል» ብቻ ከሆኑ፣ ሰዎች ላለመያዝ ሲሉ ትንንሹን እየመረጡ ነው ማለት ነው። ይህ የሚመጣው ያላለቀ ሥራ በሰው ፊት ወቀሳ በሚያስከትልበት ቡድን ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለውን ችግር ዝርዝሩን በማጥበቅ መፍታት አይቻልም። ደንቡ የማይሠራበት ሌላም ቦታ አለ፦ ገና ቅርጽ ያልያዘ ሐሳብ የሚብላላበት ውይይት። እዚያ ላይ በግድ ስምና ቀን መጻፍ ያልበሰለውን ውሳኔ ያስቸኩላል፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ከሳምንታዊው ስብሰባ ወጥቶ የራሱ ሰዓት ቢሰጠው ይሻላል። ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ የሚቀረው ያንን ሰዓት ማን እንደሚጠራና ለመቼ እንደሆነ መመዝገብ ብቻ ነው።