የእንጀራና የዳቦ ካሎሪ ሲነጻጸር ውሃውን አለመርሳት

«በ100 ግራም ይህን ያህል ኪሎካሎሪ» የሚለው መለኪያ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ከእህሉ ጋር ውሃውንም አብሮ ስለሚመዝን ነው። የጤፍም፣ የማሽላም፣ የስንዴም ዱቄት በ100 ግራም 350 ኪሎካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ደሴ ላይ የጤፍ፣ ቆቦ ላይ የማሽላ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች በእህሉ ምክንያት ብዙም አይለያዩም። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ በመሆኑ 100 ግራሙ 150 ገደማ ሲይዝ፣ ውሃው ያነሰ የስንዴ ዳቦ 250 ገደማ ይይዛል።

ይህን ድርቆሽ በግልጽ ያሳያል፤ 450 ኪሎካሎሪ ያለው 300 ግራም እንጀራ ደርቆ ወደ 130 ግራም ሲወርድ 450ው አይቀንስም፤ በ100 ግራም ሲሰላ ግን 346 ገደማ ይሆናል። ስፋታቸው እኩል ከሆነ እንጀራዎች መካከልም ወፍራሙ ብዙ ሊጥ ስለፈሰሰበት ካሎሪው ይበልጣል፤ ስለዚህ በቁጥር ከመገመት ይልቅ መመዘኑን እመርጣለሁ።