ፎርክሊፍትና እግረኛን በመጋዘን ውስጥ መለየት

ፎርክሊፍትና እግረኛን መለየት ማለት ሁለቱ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ የመጋዘኑን መንገድ፣ የሥራ ሰዓትና አሠራር ማደራጀት ነው። ሥራው የእንቅስቃሴ ዕቅድን፣ የወለል ምልክትና መከለያን፣ እንዲሁም ሥልጠናን ያጠቃልላል። ቅደም ተከተሉም ይኸው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከቀለሙ ነው። ቢጫ መስመር ይሰመራል፣ የእግረኛ ምስል ወለሉ ላይ ይሳላል፣ ጉዳዩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ሰዎች ግን የሚሄዱት ጉዳያቸው ወዳለበት እንጂ መስመሩ ወደተሰመረበት አይደለም።

በብዙ አገሮች መለየቱ የሕግ ግዴታ ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የሥራ ቦታ ደንብ፣ ማንኛውም የሥራ ቦታ እግረኞችና ተሽከርካሪዎች ያለ አደጋ መንቀሳቀስ በሚችሉበት መልክ እንዲደራጅ ያዛል። እንዴት እንደሚደራጅ የመወሰኑ ሥራ ግን የአሠሪው ነው።

ማሽኑ ለእግረኛ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?

2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ራሱ ወደ 4 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከፊት የሚሸከመው ጭነት እንዳይደፋው ከኋላው ከባድ የሚዛን ብረት ተገጥሞለታል። ከመኪና በተለየ መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎቹን ስለሆነ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ኋላው ወደ ቀኝ ይወጣል። ጭነቱን የሚሸከመው ሹካ አልፎት ሲሄድ አይቶ «ተርፌያለሁ» ያለ እግረኛ፣ በዚያው ቅጽበት በሚዛን ብረቱና በመደርደሪያው ምሰሶ መካከል ሊጣበቅ ይችላል።

ሌላው ችግር የኦፕሬተሩ ዓይን ያለበት ቦታ ነው። ሹካው ብቻውን ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከሹካው ጫፍ እስከ ኦፕሬተሩ ዓይን ድረስ ደግሞ 2 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርቀት አለ። ስለዚህ ፎርክሊፍቱ ከመደርደሪያዎች መሃል ሲወጣ፣ ኦፕሬተሩ ግራና ቀኝ ማየት ከመቻሉ በፊት ሹካው ዋናው መንገድ ላይ ደርሷል። ጥንቁቅ ቢሆንም ያው ነው፤ መደርደሪያውን አሳልፎ ማየት አይችልም።

በዚህ ላይ የመቆሚያው ርቀት ይደመራል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማሽን በሰከንድ 2.8 ሜትር ይጓዛል። ኦፕሬተሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፍጅበት እንበል። ፍሬኑን ድንገት ቢረግጠው ጭነቱ ከሹካው ላይ ተንሸራቶ ወደፊት ሊወድቅ ስለሚችል ረገብ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ለዚህም 2 ሜትር ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 5 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። የሹካውን ርቀት ስናክልበት ኦፕሬተሩ ከዓይኑ ፊት ለፊት 7 ሜትር ያህል ነጻ መንገድ ማየት አለበት ማለት ነው። በዚያው ስሌት፣ የፍሬኑ ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ 15 ቢሆን መቆሚያው ብቻውን 8.5 ሜትር ይደርሳል፤ 6 ቢሆን ደግሞ ከ2.5 ሜትር ያንሳል። በመታጠፊያና በመሻገሪያ አካባቢ የፍጥነት ወሰኑ እስከ እግረኛ እርምጃ ድረስ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ኦፕሬተሩ ሊረሳው ስለሚችልም በማሽኑ ላይ ፍጥነቱን መገደብ ከተለጠፈ ማስታወቂያ በእጅጉ ይሻላል።

የእንቅስቃሴ ዕቅድ

ዕቅዱ የሚጀምረው በመመልከት ነው። የመጋዘኑ ካርታ ይያዝና፣ ሙሉ ፈረቃ ከመግቢያ ሰዓት እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ የማሽኖቹ ጉዞ በአንድ ቀለም፣ የሰዎቹ ጉዞ በሌላ ቀለም ይሰመርበታል። የፈረቃ መለዋወጫውና የምሳ ሰዓቱ ሳይታይ የተሠራ ካርታ ግማሹን ጉዳይ ያጎድላል። ከዚያ ሁለቱ ቀለሞች የተጠላለፉበት ቦታ ሁሉ ይቆጠራል። በእያንዳንዱ መጠላለፊያ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እዚህ ምን ዓይነት ምልክት እናድርግ?» ሳይሆን «ሰውየው እዚህ የሚያልፈው ምን ፈልጎ ነው?» የሚለው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ስምንት ዕቃ ለቃሚዎች ያሉበት መጋዘን ነው፤ የመደርደሪያዎቹ ረድፎች በዋናው የፎርክሊፍት መንገድ በአንዱ በኩል፣ የመለያ ወረቀት የሚያትመው ፕሪንተር ደግሞ በሌላው በኩል በቢሮው በር አጠገብ ነው። እያንዳንዱ ለቃሚ በፈረቃው 15 ጊዜ ወረቀት ሊያመጣ ቢሄድ፣ ደርሶ መልሱ 30 መሻገር ይሆናል፤ ስምንቱ ተደምረው 240። እዚህ ላይ የሜዳ አህያ መስመር ቢቀባ 240ው መሻገር እንዳለ ይቀጥላል፤ የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነው። ፕሪንተሩ ለቃሚዎቹ ወዳሉበት በኩል ቢዛወር ግን በዚህ ምክንያት የሚደረገው መሻገር ይቀራል። ወጪው የአንድ ጠረጴዛ፣ የአንድ ሶኬትና የአንድ ኬብል ነው። የመጠጥ ውኃ፣ የሰዓት መፈረሚያ ማሽንና የፕላስቲክ መጠቅለያ ጥቅልም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሊወገድ የማይችለው መሻገር ነው፤ እንበል ወደ መጸዳጃና ወደ ምሳ ቤት። እሱ ደግሞ በየቦታው ከሚበተን አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። መሻገሪያው ከመደርደሪያው ጫፍ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በምሳሌያችን 7 ሜትር ብናርቀው፣ ከረድፉ ታጥፎ የወጣ ኦፕሬተር ከእግረኛው ጋር ለመተያየትና ለመቆም ጊዜ ያገኛል። እዚያ ላይ የሚተከለው በር ወደ እግረኛው የሚሳብ እንጂ ወደ መንገዱ የሚገፋ መሆን የለበትም። በር የሚስብ ሰው ግድ ቆም ይላል፣ አንድ እርምጃም ወደኋላ ይላል። የሚገፋ በር ከሆነ ግን ስልኩን እያየ በትከሻው ከፍቶት መሃል መንገድ ላይ ይገኛል።

መንገዱ በቦታ ሊለይ የማይችልበት ሁኔታም አለ። ለቃሚው ከታችኛው መደርደሪያ ዕቃ ሲያነሳ ማሽኑ በዚያው ረድፍ ከላይ ፓሌት ማውረድ ካለበት፣ የሚለየው በሰዓት ነው፤ ቀን ይለቀማል፣ ሌሊት መደርደሪያው ይሞላል። ይህ ካልተቻለ ማሽኑ የገባበት ረድፍ በሁለቱም ጫፍ በሰንሰለት ይዘጋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ከጀርባ ያለውን ረድፍ ነው፦ ወደ ላይ የሚገባ ፓሌት ከመጠን በላይ ቢገፋ ከኋላው ያለውን ፓሌት ወደ ቀጣዩ ረድፍ ሊያወርደው ይችላል። እዚያ ያለው ለቃሚ ማሽኑን አያየውም፤ ስለዚህ ያም ረድፍ አብሮ መዘጋት አለበት።

መከለያና ምልክት

ቀለም ለሚያይ ሰው መረጃ ነው፤ 4 ቶን የሚመዝን ማሽን አያቆምም። ስለዚህ ማሽኑ አዘውትሮ በሚያልፍበት ጎን ያለ የእግረኛ መንገድ መከለያ ያስፈልገዋል። የብረት መከለያ ሲመታ ወለሉን ይነቅላል፤ የፕላስቲኩ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ነገር ግን ሲለጠጥ ወደ እግረኛው በኩል ይገባል። አምራቹ የሚሰጠውን የመለጠጥ ልክ ሳያስቡ መከለያውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አጣብቆ መትከል የተለመደ ስሕተት ነው። ያ ልክ ለእግረኛ ከተተወው ስፋት ውጪ መያዝ አለበት።

መስመር የሚበቃው ማሽን በማይበዛበት ቦታ ነው። ስፋቱ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቀለሙም ከወለሉ ጎልቶ የሚታይና በመላው መጋዘን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ወለሉ ከዘይትና ከአቧራ ሳይጸዳ የተቀባ ቀለም ጎማ ሲዞርበት በአጭር ጊዜ ይላጣል። ኮንቬክስ መስተዋት በመታጠፊያ ላይ ይረዳል፤ ሆኖም ነገሩን አሳንሶ ስለሚያሳይ ሩቅ ያለ ያስመስለዋል። ከማሽኑ ፊት ወለል ላይ የሚያርፈው ሰማያዊ መብራት በጨለማ ረድፍ ውስጥ ጠቃሚ ነው፤ የቀን ብርሃን በሚገባበት የጭነት በር አካባቢ ግን አይታይም ማለት ይቻላል። ክላክስም እንዲሁ ነው። በየመታጠፊያው ሁሉም የሚነፋ ከሆነ ሰሚው ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል፣ ቀስ በቀስም መስማት ይተዋል።

ሥልጠና

የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ ኦሻ፣ የኦፕሬተር ሥልጠና ትምህርትን፣ የተግባር ልምምድንና በሥራ ቦታው ላይ የሚደረግ ምዘናን እንዲያካትት ይጠይቃል፤ ምዘናውም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ሲኖር፣ የማሽኑ ዓይነት ሲለወጥ፣ ወይም የሥራ ቦታው ሁኔታ ሲቀየር የማደሻ ሥልጠና ይሰጣል። የመጨረሻው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይታለፋል። መደርደሪያ ከተዛወረ የማይታየው መታጠፊያም ስለሚዛወር የልምድ ብዛት ብቻውን አያድንም።

እግረኛን የሚመለከቱት ሕጎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ከጠረጴዛ ወይም ከሌላ የማይነቃነቅ ነገር ፊት ወደቆመ ሰው ማሽን አይነዳም፤ ፍሬኑ ቢከዳ ሰውየው መሸሻ የለውም። ከተነሳ ሹካ ሥር፣ ባዶም ቢሆን፣ ማንም አይቆምም። ጭነቱ የፊቱን እይታ ከጋረደ ወደኋላ ይነዳል። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ 7.6 ሜትር ሲርቅ ወይም ማሽኑ ከዓይኑ ሲሰወር፣ ሹካው ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ መሆን አለበት። ብዙ መጋዘኖች በዚህ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፦ ሰው ሊያነጋግረው የቀረበ እንደሆነ ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ ሹካውን ወለል እስኪነካ ድረስ ያወርዳል፣ እጁንም ከመሪው ላይ ያነሳል።

እግረኛውም መሠልጠን አለበት፤ በተለይ ኋላው እንደሚወጣ፣ ኦፕሬተሩ ዓይን ለዓይን እስካላየው ድረስም እንዳላየው መቁጠር እንዳለበት። እግረኛውን ለትንሽ ጊዜ በኦፕሬተሩ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከፊት ፓሌት ጭኖ ከኦፕሬተሩ ቦታ ምን እንደሚታይ ማሳየት ከረጅም ንግግር ይበልጥ ይገባል።

ዕቅዱ መፍረስ ሲጀምር ወለሉ ይናገራል። ጥቁር የጎማ ዱካ የእግረኛውን መስመር እየቆረጠ ከታጠፈ መንገዱ ለማሽኑ ጠቧል፣ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። በሩ በገመድ ታስሮ ክፍት ከዋለ ቦታው ለእግረኛው አልተመቸም። በእግረኛ መንገድ ላይ ፓሌት ከተደረደረ የማከማቻ ቦታ አልቋል፤ ሰዎቹም ፓሌቱን ዞረው በማሽኑ መንገድ ይሄዳሉ። ቆጣ ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም።

ከሁሉ የሚከብደው የጭነት በሩ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር የመጋዘኑን ሥልጠና አልወሰደም። ጭነቱን ለመቁጠር ወይም ገመድ ለመፍታት ወርዶ በማሽኖቹ መሃል ይመላለሳል። የሚሠራው መፍትሔ መቀበያው አጠገብ ከመከለያ በስተጀርባ መቆያ ቦታ ሰጥቶ፣ መጫንና ማውረዱ እስኪያልቅ የመኪናውን ቁልፍ ተረክቦ ማቆየት ነው። ቁልፉ በመቀበያው ሠራተኛ እጅ እስካለ ድረስ ማሽኑ ተጎታቹ ውስጥ ሳለ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ ሾፌሩም የት እንዳለ ይታወቃል።