ኬዝ ስተዲ ምንድን ነው?

«ጥሩ ሥራ ሠርተውልናል፤ እናመሰግናለን።» በብዙ አማካሪ ድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ የሚነበበው የደንበኛ ምስክርነት ይህን ይመስላል። ምስጋናው እውነት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ደንበኛ ግን ምን እንደተሠራ አያውቅበትም። ኬዝ ስተዲ የሚባለው ይህን ክፍተት የሚሞላ የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው፦ ደንበኛው ምን ቸግሮት መጣ፣ ምን ተደረገ፣ በምን ያህል ተለወጠ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ውሉ በተፈረመበት ሳምንት ነው። ሦስት መጋዘን ያለው የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት 18 ቀን ይፈጅበታል እንበል። አማካሪው ያለፉትን ሦስት ወራት የመዝጊያ ቀናት ከሒሳብ ክፍሉ ወስዶ መመዝገብ አለበት። ይህን ካላደረገ፣ በኋላ «ፈጥኗል» ከማለት ሌላ የሚለው አይኖረውም።

ቃለ መጠይቁ ሥራው ካለቀ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢያንስ ሁለት መዝጊያ በአዲሱ አሠራር ማለፍ አለበትና። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሥራ አስኪያጁ ያመሰግናል፣ ዝርዝሩን የምታውቀው ግን የሒሳብ ሹሟ ናት፤ ሁለቱንም ማነጋገር ነው። «ረክታችኋል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። «ድሮ ወር ሲያልቅ ምን ትሠሩ ነበር?» ሲባል ግን፣ «አንዱ ዕቃ በሦስት ስም ይመዘገብ ስለነበር የሦስቱን መጋዘን ኤክሴል ስናስታርቅ እንከርም ነበር» የሚል መልስ ይመጣል። የጽሑፉ መክፈቻ ይኸው ነው፤ ባያሳምሩት ይሻላል።

ከዚያ የተሠራው ይጻፋል፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መለያ ቁጥር ተሰጠ፣ የዓመቱ ቆጠራ ወደ ሳምንታዊ ከፊል ቆጠራ ተከፋፈለ፣ መዝጊያው ከ18 ወደ 6 ቀን ወረደ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በእነዚያው ወራት ድርጅቱ ተጨማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ ከሆነ እሱም መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ ደንበኛው ራሱ ሲያነበው ያፍራል።

በመጨረሻ ፈቃድ፦ ለስሙ፣ ለአርማው፣ ለንግግሩና ለቁጥሩ፣ ለየብቻው በጽሑፍ። እኛ አገር ሽያጩንና ትርፉን በብር አደባባይ ማውጣት የሚወድ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቀንና መቶኛ መጠቀም ይሻላል። መቶኛ ሲጻፍ መነሻው አብሮ ይጻፍ፤ «ስህተት በ50 በመቶ ቀነሰ» ሲባል ከሁለት ወደ አንድም ሊሆን ይችላልና። ስሙ እንዲደበቅ ከተፈለገም «ሦስት መጋዘን ያለው አስመጪ» ላይ የከተማው ስም ሲጨመር የዘርፉ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ረቂቁን ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው የሚያየው ለዚህም ጭምር ነው።